በአንተ ስክሪን ላይ 14 ስንት ሚሊ ሜትር ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ናችሁ? ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራመር ነኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ቪኤስ ኮድ ላይ ነው የምውለው። ላፕቶፔ 14 ኢንች ነው፤ ቢሮ ስገባ 24 ኢንች ሞኒተር እሰካለሁ። ሁለቱም 1920 በ1080 ናቸው። ከ10 ሰዓት በኋላ ፊደሎቹ ይደበላለቁብኛል፣ በተለይ ኮዱ ውስጥ ያለው አማርኛ። ከአንድ ቪዲዮ አይቼ የመስመሩን ከፍታ 20 አድርጌው ነበር። ከዚያ ፊደሉንም ከ14 ወደ 20 ሳሳድገው መስመሮቹ ተጣበቁ፣ ኮዱም ከስክሪኑ ወጣ። አንዱ ጓደኛዬ 13 ይላል፣ ሌላው 16። ትክክለኛው ስንት ነው? ወንድማችሁ ግራ ገብቶኛል።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ሁለቱም አልዋሹህም። ግን 13ም ሆነ 16 ብቻውን ምንም አይነግርህም። ይህ ቁጥር የፒክስል ቁጥር ነው። ፒክስል ደግሞ እንደ ስክሪኑ ይተልቃል፣ ያንሳል። 1920 በ1080 የሆነ 14 ኢንች ስክሪን ላይ አንዷ ፒክስል 0.16 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት። በዚያው 1920 በ1080 ግን 24 ኢንች ሞኒተር ላይ 0.28 ሚሊ ሜትር ትደርሳለች። ስለዚህ አንድ አይነት «14» ሞኒተሩ ላይ ከላፕቶፑ አንድ ተኩል ጊዜ በላይ ሊተልቅ ይችላል። 13 የሚልህ ጓደኛህ ምናልባት ትልቅ ሞኒተር ላይ ነው የሚሠራው።

ዓይንህ ፒክስል አይቆጥርም። የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ፊደሉ ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ ከምን ያህል ርቀት ነው የማየው። ለረጅም ሰዓት ንባብ እኔ የምጠቀምበት ሒሳብ ቀላል ነው። ከዓይንህ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ለ200 አካፍለው። የሚመጣው ቁጥር ትልቁ የላቲን ፊደል፣ ለምሳሌ `H`፣ ሊኖረው የሚገባው ቁመት ነው። ላፕቶፕ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀህ ብትቀመጥ 2.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሞኒተር ላይ 60 ሴንቲ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር።

አሁን ማስመሪያ ፈልግ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለካ የልጄን ማስመሪያ ከደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ነው የሰረቅሁት። አንድን `H` በማስመሪያ መለካት አስቸጋሪ ስለሆነ አሥር መስመር ለካ። ማስመሪያውን ስክሪኑ ላይ አስጠጋና ከመስመር ቁጥር 1 እግር እስከ መስመር ቁጥር 11 እግር ያለውን አንብብ። ለ10 ስታካፍለው የአንድ መስመር ከፍታ ታገኛለህ።

ግን ከመለካትህ በፊት ያን 20 የሚለውን የመስመር ከፍታ አጥፋውና ፊደሉን ወደ 14 መልሰው። ቪኤስ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ሳትነካው የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ፊደሉ 14፣ ፎንቱ ኮንሶላስ፣ የመስመሩ ከፍታ ራሱ የሚያሰላው። ስሌቱም ዊንዶውስ ላይ የፊደሉን መጠን በ1.35 ማባዛት ነው። 14 ሲባዛ በ1.35 ተጠጋግቶ 19 ፒክስል ይሆናል።

ላፕቶፕህ ላይ የዊንዶውስ ስኬል 125% ነው ብለን እንያዝ። ብዙ ሰው «ብዙ እንዲይዝልኝ» ብሎ ወደዚያ ያወርደዋል። ማስመሪያው ለአሥር መስመር 38 ሚሊ ሜትር ያህል ያሳይሃል። አንዱ መስመር 3.8 ማለት ነው። ይህን ለ1.35 ስታካፍለው የፎንቱ መጠን 2.8 ይሆናል። የኮንሶላስ `H` ቁመት ደግሞ የፎንቱ መጠን 64% አካባቢ ስለሆነ በመጨረሻ የምታገኘው 1.8 ሚሊ ሜትር ነው። የሚያስፈልግህ 2.5 ነበር። እንግዲህ በ10 ሰዓት ቢደበላለቅብህ ምን ይገርማል? ጠዋት ላይ ዓይንህ ስላልደከመ ጉድለቱን እየሞላ ያነብልሃል። አንገትህም ወደፊት እየሄደ ይሞላዋል። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ይደክማሉ።

ያው ሞኒተሩ ላይ፣ ስኬሉ 100% ከሆነ፣ አሥሩ መስመር 53 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። `H` 2.5 ይሆናል። የተሻለ ነው፣ ግን ለ60 ሴንቲ አሁንም ያንሳል።

### መጀመሪያ ስኬሉን አስተካክል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በቀጥታ ወደ ኤዲተሩ ሄዶ ቁጥር ይጨምራል። ሞኒተሩ ላይ የሚያምር ቁጥር ያገኛል። ከዚያ መብራት ይጠፋል። የኛን ሰፈር ታውቀዋለህ፤ ሞኒተሩ ድርግም ይላል፣ መስኮቱ ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ይሰደዳል፣ ላፕቶፑም ባትሪ ለመቆጠብ ብርሃኑን ይቀንሳል። ለሞኒተሩ የመረጥከው ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ጉንዳን ሆኖ ያርፋል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ አፍንጫህን ስክሪኑ ላይ ተክለህ ትሠራለህ።

መፍትሔው ሁለቱን ስክሪኖች በዊንዶውስ በኩል ማቀራረብ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርግና `Display settings` ግባ። ከላይ 1 እና 2 ተብለው የተሳሉ ስክሪኖች አሉ። የላፕቶፑን ምረጥና `Scale` የሚለውን 150% አድርገው። ዊንዶውስ ራሱ ለእንዲህ ያለ ስክሪን ብዙ ጊዜ የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሞኒተሩን መርጠህ 100% ላይ ተወው። ስኬሉ ለየስክሪኑ ለብቻ የሚያዝ ስለሆነ መስኮቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ቪኤስ ኮድ ራሱ ይለወጣል።

አሁን የላፕቶፑ አንድ ፒክስል በተግባር 0.24 ሚሊ ሜትር ሆነ፣ የሞኒተሩ 0.28። ተቀራረቡ። ከዚህ በኋላ አንድ ቁጥር ለሁለቱም ይሠራል። ያ ቁጥር ለአንተ 16 ነው። 16 የሚልህ ጓደኛህ በአጋጣሚ ልክ ሆነ ማለት ነው።

### ፎንቱ ሲቀየር መጠኑም ይቀየራል

16 ያልኩት ግን ከፎንቱ ጋር ነው። ኮንሶላስ በ16 ላፕቶፑ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሰጥሃል፤ ለጥቂት ደረሰ። ጄትብሬይንስ ሞኖ የሚባለው ፎንት ግን በዚያው 16 ላይ 2.8 ይሰጥሃል። ሞኒተሩ ላይ 3.2 ይሆናል። ምክንያቱ ፎንቱ የተሳለበት ሳጥን ውስጥ የሚይዘው ቦታ ነው። `H` በጄትብሬይንስ ሞኖ የሳጥኑን 73% ይይዛል፣ በኮንሶላስ 64% አካባቢ። ኮድ ውስጥ የሚበዙት ደግሞ እንደ `x` እና `a` ያሉት ትናንሾቹ ፊደሎች ናቸው። እነሱም 55% ለ49% ናቸው። በ16 ፒክስል አንድ ፒክስል ልዩነት ማለት ነው። አንድ ፒክስል ምን ታመጣለች ትል ይሆናል። የ`e` ሆድ ውስጥ ያለችውን ክፍተት ከፍታ የምታቆየው እሷ ናት።

ጄትብሬይንስ ሞኖ በነፃ የሚገኝ ነው፤ አውርደህ ፋይሎቹን ቀኝ ክሊክ አድርገህ `Install for all users` በል። ከዚያ ቪኤስ ኮድን ሙሉ በሙሉ ዝጋና ክፈት። ተከፍቶ እያለ የተጫነ ፎንት ላይታየው ይችላል።

ዋጋ አለው ግን። ኮንሶላስ በ16 ላይ ለአንድ ፊደል 8.8 ፒክስል ስፋት ይወስዳል፣ ጄትብሬይንስ ሞኖ 9.6። መቶ ፊደል ያለው መስመር 80 ፒክስል ያህል ይረዝማል። ኮዱ ከስክሪን ወጣ ላልከው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የትኛውንም ፎንት ስትሞክር ባዶ ፋይል ክፈትና ይህን ጻፍ፦

```
0Oo 1lI| 5S 8B rn m
{}() [] ;: ,. `'"
```

ከወንበርህ ሳትነቃነቅ፣ ወደፊትም ሳትጎነበስ አንብበው። ዜሮና ኦ፣ አንድና ኤል ካልተለያዩልህ ፎንቱ ለአንተ አይሆንም፤ ሰው ምንም ያህል ያሞግሰው። `rn` እና `m` ደግሞ ዝም ብለው የሚያሳስቱ ናቸው። ይህንን ፈተና በጠዋት አትሥራው። በ10 ሰዓት፣ በደከምክበት ሰዓት ሥራው።

### አማርኛው ለምን ይብስበታል?

ይህ ለኛ ብቻ የሚመጣ ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ኮድ ለመጻፍ የተሠሩት ፎንቶች፣ ኮንሶላስም ጄትብሬይንስ ሞኖም፣ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ኤዲተሩ «ሐምሌ» የሚል ቃል ሲያገኝ መጀመሪያ የሰጠኸውን ፎንት ያያል። ከሌለው ቀጥሎ ያለውን ያያል። በዝርዝርህ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ዊንዶውስ ከራሱ ጓዳ አንዱን ያመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ኢብሪማን። በድሮ ኮምፒውተሮች ኒያላም ሊመጣ ይችላል። ኒያላ ለወረቀት የሚያምር ፊደል ነው፤ ስክሪን ላይ ግን ቀጭንና አነስ ያለ ሆኖ ነው የሚታየው። ያም ሆነ ይህ፣ ምርጫው የአንተ አይደለም።

በላቲን ፊደል ቅርጹ በደንብ ይለያያል። የኛ ፊደል ግን አንድ አካል ይዞ በትንሽ ቅጥያ ሰባት ይሆናል። «ሊ» እና «ሌ»ን ተመልከታቸው። አካላቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ቀኝ እግሩ ላይ ያለችው ነገር ናት፤ አንዷ ጭረት፣ ሌላዋ ቀለበት። በትንሽ መጠን ቀለበቷ መሐሏ ይደፈንና ጭረት ትመስላለች። «ቡ» እና «ቢ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ጭረቷ ወገብ ላይ ናት ወይስ እግር ላይ? ሁለት ሦስት ፒክስል ነው ልዩነቱ።

ይህን የምለው ስለተቃጠልኩበት ነው። ስታዲየም አካባቢ በምሠራበት ጊዜ የወራት ስም ዝርዝር ነበረን። አንድ ሰው «ሐምሊ» ብሎ ጻፈው። እኔ ደግሞ ኮዱን አይቼ አሳለፍኩት። በ14 ፒክስል፣ በ125% ስኬል፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሌላ ሰንጠረዥ የመጣው «ሐምሌ» ከዝርዝሩ ጋር ሊገጥም አልቻለም። የዚያ ወር ሪፖርት ባዶ ወጣ። ሁለታችን ግማሽ ቀን ሙሉ የቀን መቁጠሪያ ስሌቱን ስንበረብር ዋልን። በመጨረሻ ያገኘው ፊደሉን አሳድጎ ያየው ሦስተኛ ሰው ነው።

እንግዲህ ለአማርኛው ፎንቱን አንተ ራስህ ምረጥለት። እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው የማስገባው። ነፃ ነው፣ ጭረቶቹ እኩል ውፍረት አላቸው፣ በትንሽ መጠንም አይሳሱም። ስታወርደው ብዙ ፋይል ይመጣል፤ `Regular` እና `Bold` የሚሉት ይበቁሃል።

ከዚያ `Ctrl+Shift+P` ተጫንና `Open User Settings (JSON)` ብለህ ፈልግ። በሚከፈተው ፋይል ውስጥ ካሉት ቅንፎች መሐል ይህን አስገባ፦

```json
"editor.fontFamily": "'JetBrains Mono', 'Noto Sans Ethiopic', Consolas, monospace",
"editor.fontSize": 16,
"editor.lineHeight": 1.5
```

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የአማርኛውን ፎንት ከፊት ካስቀመጥከው የላቲኑን ፊደልም እሱ ሊስልልህ ይችላል፤ ያኔ የኮዱ እኩል ስፋት ይጠፋል። ባዶ ቦታ ያለበት ስም ደግሞ በነጠላ ጥቅስ ይታሰራል። ድርብ ጥቅሱ ሙሉውን ዝርዝር ያቅፋል።

አንዲት ፊደል ብትሳሳት ቪኤስ ኮድ ስህተት ብሎ አይነግርህም። ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ፎንት ያልፋል። አንተ ጄትብሬይንስ ሞኖ ገብቷል ብለህ በኮንሶላስ ስትሠራ ወር ልትቆይ ትችላለህ። ለማረጋገጥ `Help` ከሚለው ሜኑ `Toggle Developer Tools`ን ክፈት። ከላይ በግራ በኩል ያለችውን የቀስት ምልክት ተጫንና ኤዲተሩ ውስጥ አንድ የአማርኛ ቃል ንካ። `Computed` የሚለውን ታብ ክፈትና እስከ ታች ውረድ። `Rendered Fonts` በሚለው ሥር ፊደሎቹን በእርግጥ የሳለው ፎንት ስም ተጽፏል። እዚያ `Ebrima` ካየህ ኖቶው አልገባም ማለት ነው፤ ወይ ስሙን ተሳስተሃል፣ ወይ ፕሮግራሙን ዘግተህ አልከፈትክም።

አንድ የማይፈታ ነገር አለ። ኖቶውም ሆነ ኢብሪማ የእያንዳንዱን ፊደል ስፋት እኩል አያደርጉም። «ሚ»ና «ን» አንድ ስፋት የላቸውም። ስለዚህ አማርኛ ያለባቸውን መስመሮች በባዶ ቦታ ደርድረህ ዓምድ ለማስተካከል አትሞክር። ዛሬ ቢስተካከልልህ የሌላ ሰው ስክሪን ላይ ተንጋዶ ነው የሚታየው።

### የተጣበቀብህ መስመር

የመስመር ከፍታው ላይ የገጠመህ ቀላል ወጥመድ ነው። `editor.lineHeight` የሚቀበለው ቁጥር ሦስት ትርጉም አለው። 0 ከሆነ ራሱ ያሰላዋል። ከ0 በላይ ሆኖ ከ8 በታች ከሆነ ማባዣ ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቁርጥ ያለ ፒክስል ነው። ቪዲዮው ላይ ያየኸው ሰው 20 ሲል ፊደሉ 14 ይሆናል፤ ለሱ በቂ ክፍተት ነው። አንተ ፊደሉን ብቻ ወደ 20 ስታሳድገው መስመሩ እዚያው 20 ላይ ቀረ። ፊደሉ ያደገው በማያድግ ክፍል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የላይኛው መስመር እግር የታችኛውን ራስ ነካ።

ለዚህ ነው 1.5 ብለህ በማባዣ ጻፈው የምለው። ፊደሉን 16 ብታደርገው መስመሩ 24 ይሆናል፣ 18 ብታደርገው 27። ራሱ ይከተላል።

ለምን 1.5 ሆነ? በላቲን ፊደል ብቻ ለሚሠራ ሰው 1.35 ወይም 1.4 ይበቃዋል። የላቲን ትናንሽ ፊደሎች አጫጭር ስለሆኑ ከበላያቸው የተፈጥሮ ክፍተት አለ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሁሉም ቆሞ ነው የሚሰለፈው። ሁለት የአማርኛ መስመሮች ሲደራረቡ መሐላቸው ያለው ነጭ ቦታ ይጠብባል። ዓይንህ ከአንዱ መስመር መጨረሻ ወደሚቀጥለው መጀመሪያ ሲመለስ የሚስተውም ያኔ ነው። የትርጉም ፋይል፣ ማለትም በግራ ቁልፉ በቀኝ አማርኛው የተደረደረበት፣ ላይ ብዙ የምትሠራ ከሆነ 1.6 ሞክር። ከዚያ በላይ ግን አልወደውም። አንድ ፈንክሽን አንድ ነገር መምሰሉ ይቀርና እንደ ተበተነ ጤፍ ይሆናል።

### ቦታው ከየት ይመጣል?

እውነቱን ልንገርህ፤ ታጣለህ። በ125% ስኬል በ19 ፒክስል መስመር ላፕቶፕህ ላይ 36 አካባቢ መስመር ታይ ነበር። በአዲሱ አሠራር 23 ያህል ነው የምታየው። ሞኒተሩ ላይ 38 አካባቢ ታገኛለህ፤ እዚያ ብዙ አይሰማህም። ለላፕቶፑ የተወሰነውን ማስመለስ ይቻላል።

በጎን በኩል ትልቁ ሌባ የፋይሎቹ ዝርዝር ነው። `Ctrl+B` ይሰውረዋል፣ እንደገና ይመልሰዋል። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ያለችው የኮዱ ትንሽ ካርታ ናት፤ `"editor.minimap.enabled": false` ብለህ አጥፋት። በእኔ ግምት ማንም አያያትም፣ ሁሉም ግን ቦታ ይሰጣታል። ሁለቱ ከሄዱ ላፕቶፑ ላይ በ16 መጠን በጄትብሬይንስ ሞኖ 120 ያህል ፊደል በአንድ መስመር ይይዝልሃል። ዝርዝሩን ብትተወው 94 አካባቢ። የቁመቱን ደግሞ ተርሚናሉን በማትፈልገው ሰዓት በ`Ctrl+J` ዝጋው። ያም ካልበቃህና አማርኛ የሌለበት ኮድ ላይ ከሆንክ ላፕቶፑ ላይ 1.4 ተጠቀም፤ ሁለት መስመር ትጨምራለህ። የፊደሉን መጠን ግን አትንካው። መሸራተት ጣትን ነው የሚያደክመው፣ ማፍጠጥ ግን ዓይንን።

ተርሚናሉን ካነሳን፣ መጠኑ ከኤዲተሩ የተለየ ነው። የፎንቱን ስም ከኤዲተሩ ይወርሳል፤ መጠኑን ግን ለብቻ ካልነገርከው እዚያው 14 ላይ ይቀራል። የመስመሩም ማባዣ 1 ነው፣ በጣም የጠበቀ። `"terminal.integrated.fontSize": 16` እና `"terminal.integrated.lineHeight": 1.2` ብትል ይበቃል። አማርኛ ተርሚናሉ ላይ ከታተመ ፊደሎቹ ሲገፋፉ ታያለህ። ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ክፍል ስለሚሰጥ ሰፋ ያለው ፊደላችን አይበቃውም። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ትክክል መሆኑን ተርሚናል ላይ አትፈትሽ፤ ኤዲተሩ ላይ ክፈተው።

### ቁጥሩ አልታዘዝ ሲልህ

ሁሉን አስተካክለህ 16 ጽፈህ ፊደሉ አሁንም ትንሽ ወይም ትልቅ ከሆነ ሁለት ቦታ እይ።

አንዱ `Ctrl` ይዘህ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱን የነካህበት ነው። ያ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ሙሉ መስኮቱን ያሳድጋል፣ ያሳንሳል። በያንዳንዱ ደረጃ 20% ነው የሚለወጠው። ሳታውቀው አንድ ደረጃ ወርዶ ከሆነ 16ህ ወደ 13 ወርዷል። `Ctrl+Shift+P` ብለህ `Reset Zoom` ጻፍ።

ሌላው የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ያለው `.vscode/settings.json` ነው። እዚያ የተጻፈ ነገር ያንተን የግል ሴቲንግ ይሽረዋል። አንድ ፕሮጀክት ላይ ከሳምንት ዕረፍት ስመለስ ፊደሌ ሁሉ ተኮማትሮ ጠበቀኝ። ዓይኔ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የራሱን 12 እዚያ ፋይል ውስጥ አስገብቶ ለሁላችን ልኮልን ነው። እሱ ትልቅ ሞኒተር ነበረው። የፎንት ነገር የግል ነው፤ የቡድኑ ፋይል ውስጥ ካየኸው በትሕትና አስወጣው፣ የራስህንም እዚያ አትክተት።

ለሦስት ቀን እንዲህ ሥራበት። በሦስተኛው ቀን በ10 ሰዓት፣ ሥራ ላይ እያለህ፣ ሳትስተካከል፣ ከዓይንህ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ለካ። ጎንህ ያለ ሰው ቢለካልህ ይሻላል፤ አንተ ስትለካ ቀጥ ብለህ ትቀመጣለህ። ላፕቶፑ ላይ 50 የነበረው 40 ሆኖ ከተገኘ ፊደሉ አሁንም አንሶሃል። አንድ ቁጥር ብቻ ጨምር፣ 17 አድርገው፣ እንደገና ሦስት ቀን ጠብቅ። 18 ላይ ደርሰህም ወደፊት እየተሳብክ ከሆነ፣ የ`H` ቁመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ ፊደሉ ከደበዘዘብህ፣ ያ የኤዲተሩ ጉዳይ አይደለም። ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ። ስትሄድም ስክሪኑን ከስንት ሴንቲ ሜትር እንደምታየው ለሐኪሙ ንገረው። መነጽር ካስፈለገህ ለዚያ ርቀት ነው የሚሠራልህ።